የሰውነት ምልክቶችና የባህል አለመግባባት በአምቦና በምዕራብ ሸዋ

በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ሰዎች በእጅ፣ በፊት፣ በትንፋሽና በአቀማመጥ የሚለዋወጧቸው ምልክቶች ከሌሎች አገሮች ምልክቶች ጋር በቅርጽ ሲመሳሰሉ በትርጉም ግን ብዙ ጊዜ ይለያያሉ። በአንዱ አገር ስድብ የሆነ ምልክት በሌላው ሰላምታ ወይም ሐዘኔታ ሊሆን ይችላል። አለመግባባቱ የሚበረታው ደግሞ ተጓዡ ያየውን ምልክት ራሱ መሥራት ሲጀምር ነው፤ የምልክቱን ቅርጽ በአንድ ቀን መቅዳት ሲቻል ማን ለማን፣ መቼና የት እንደሚሠራው ግን በአንድ ቀን አይታወቅም።

የምዕራብ ሸዋ ዞን በኦሮሚያ ክልል ውስጥ ይገኛል፤ ዋና ከተማው አምቦ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ላይ፣ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ነዋሪዎቹ በአብዛኛው አፋን ኦሮሞ ይናገራሉ፤ በከተሞቹ አማርኛም ይነገራል። ከታች የሚገለጹት የአጠራር፣ የአሰጣጥና የአዎንታ ምልክቶች በሁለቱም ቋንቋ ተናጋሪዎች ዘንድ የተለመዱ ሲሆኑ አብዛኞቹ በሌሎች የኢትዮጵያ ክፍሎችም ይታያሉ። በመጨረሻ የቀረበው የተጠላለፉ እጆች ምልክት ግን ከዚሁ አካባቢ የቅርብ ዘመን ታሪክ ጋር በልዩ ሁኔታ የተያያዘ ነው።

## ቅርጽና ትርጉም

አንድ የእጅ ምልክት በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ትርጉም እንደሌለው በሰፊው ካሳዩት ጥናቶች አንዱ የእንግሊዛዊው ዴዝሞንድ ሞሪስና የባልደረቦቹ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በታተመው መጽሐፋቸው 20 ምልክቶችን በአውሮፓና በሜዲትራኒያን አካባቢ በሚገኙ 40 ቦታዎች ለሰዎች እያሳዩ ትርጉማቸውን ጠይቀዋል። አውራ ጣትንና አመልካች ጣትን አገናኝቶ ክብ መሥራት በአንድ አገር «ጥሩ ነው»፣ በሌላው «ዜሮ ነህ»፣ በሌላው ደግሞ የብልግና ስድብ ሆኖ ተገኝቷል።

በቅርጽ ላይ ያለ ትንሽ ልዩነትም ትርጉሙን ይገለብጠዋል። እ.ኤ.አ. በጥር 1992 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ኤች. ደብልዩ. ቡሽ አውስትራሊያን ሲጎበኙ በካንቤራ ከመኪናቸው ውስጥ ሆነው ሁለት ጣት አሳዩ። ያሰቡት የድል ወይም የሰላም ምልክት ነበር። ነገር ግን የእጃቸው ጀርባ ወደ ተመልካቹ የዞረ ስለ ነበር በአውስትራሊያና በእንግሊዝ ልማድ ከባድ ስድብ ሆነ። ጣቶቹ አልተለወጡም፤ የተለወጠው የመዳፉ አቅጣጫ ብቻ ነው።

በምዕራብ ሸዋ ከሚታዩት አለመግባባቶች ውስጥም እንዲህ ያሉ የመዳፍ አቅጣጫ ልዩነቶች አሉ። ከቅርጹ ይበልጥ የሚወስነው ግን በምልክቱ ሰጪና ተቀባይ መካከል ያለው የዕድሜና የማዕረግ ልዩነት ነው።

## ሰውን መጥራት

በአካባቢው ራቅ ያለን ሰው በእጅ መጥራት የሚቻለው መዳፍን ወደ መሬት አዙሮ አራቱን ጣቶች በአንድ ላይ ወደ ራስ በማጠፍ ነው። መዳፍን ወደ ላይ አድርጎ በአንድ አመልካች ጣት መጥራት ግን ንቀት ነው፤ በአዋቂ ሰው ላይ ሲሠራ የተጠራው ሰው እንደ ውሻ ወይም እንደ ሕፃን እንደ ተቆጠረ ይሰማዋል። ጣትን በሰው ላይ ማነጣጠርም እንዲሁ ደስ አያሰኝም። በአማርኛ «ጣት መቀሰር» የሚለው አነጋገር መክሰስና መወንጀል ማለት መሆኑ ይህንኑ ያሳያል። አቅጣጫ ለማሳየት እጅን በሙሉ መዘርጋት ይመረጣል።

አለመግባባቱ ከሁለቱም ወገን ይነሣል። ለምሳሌ አንድ ከአውሮፓ የመጣ ተጓዥ በአምቦ አውቶቡስ መናኸሪያ ቆሟል እንበል። የመኪናው ረዳት ከሩቅ አይቶት መዳፉን ወደ ታች አድርጎ ጣቶቹን ደጋግሞ ያጥፋል። ተጓዡ በአገሩ እንዲህ ያለ እንቅስቃሴ «ሂድ» ወይም «ደኅና ሁን» ማለት ስለሆነ ወደ ኋላ ይመለሳል። ረዳቱ ይበልጥ አጥብቆ ይጠራዋል፤ ተጓዡም ይበልጥ የተባረረ ይመስለዋል። ልዩነቱን ለማወቅ የጣቶቹን ጉዞ ማየት ይበቃል። ሲጠሩ ጣቶቹ ወደ ጠሪው ደረት ይሳባሉ፤ ሲያባርሩ ግን እጁ ወደ ውጭ ይወረወራል።

ተጓዡ ይህን ከተማረ በኋላ ሁለተኛው ስሕተት ይመጣል። የአጠራሩን ቅርጽ በትክክል ይቀዳና ሽማግሌ ይጠራበታል። በአካባቢው ታናሽ ታላቁን በእጅ አይጠራም፤ ራሱ ተነሥቶ ይሄዳል፣ ቀርቦም ዝቅ ብሎ ይናገራል። ስለዚህ የእጁ ቅርጽ ትክክል ሆኖ ሳለ ድርጊቱ ብልግና ይሆናል።

በጭብጨባ መጥራትም ተመሳሳይ ነው። በኢትዮጵያ ከተሞች ባሉ ምግብ ቤቶችና ቡና ቤቶች አስተናጋጅን አንድ ሁለት ጊዜ አጨብጭቦ መጥራት የቆየ ልማድ ነው፤ አስተናጋጁም እንደ ስድብ አይቆጥረውም። በብዙ የአውሮፓ አገሮች ግን ይህ አስተናጋጁን መናቅ ነው። ተጓዡ መጀመሪያ በድርጊቱ ይደነግጣል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ይለምደውና በእንግድነት በሄደበት ቤት ቡና የምታፈላውን ሴት አጨብጭቦ ይጠራል። በቡና ቤት የሚያልፈው ጭብጨባ በሰው ቤት የቤቱን ባለቤት ወደ ተቀጣሪ ያወርዳል። በሌላ በኩል በቡና ቤት ማጨብጨብ የለመደ ኢትዮጵያዊ በውጭ አገር ምግብ ቤት እንዲሁ ቢያደርግ አስተናጋጁ ሊቆጣው ይችላል።

## መስጠትና መቀበል

ዕቃ፣ ገንዘብ ወይም ሲኒ የሚሰጠውና የሚቀበለው በቀኝ እጅ ነው። ለታላቅ ሰው ወይም ለእንግዳ ሲሆን በሁለት እጅ ይሰጣል፤ ወይም ቀኝ እጅ ሲዘረጋ ግራው የቀኙን ክንድ በክርን አካባቢ ይደግፋል። ግራ እጅን ብቻ ዘርግቶ መስጠት ንቀት ነው። ልማዱ በመካከለኛው ምሥራቅ፣ በሕንድና በብዙ የአፍሪካ አገሮችም አለ፤ ግራ እጅ ለንጽሕና አገልግሎት የሚውል ነው ከሚለው እሳቤ ጋር ይያያዛል።

ተጓዡ እዚህ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው ባለማሰብ ነው። በቀኝ እጁ ስልክ ወይም ቦርሳ ይዞ በግራው ገንዘብ ይሰጣል፤ ተቀባዩ እጁን ሳይዘረጋ ትንሽ ሲቆይ ወይም ፊቱን ሲያዞር ምክንያቱ አይገባውም። እንዲህ ሲሆን ዕቃውን አስቀምጦ በቀኝ መስጠት፣ ወይም ቀኙ የተያዘበትን ምክንያት ተናግሮ ይቅርታ መጠየቅ ነገሩን ያበርደዋል። የአካባቢው ሰውም ቀኙ ሲቆሽሽ ወይም ሲታመም እንዲሁ ያደርጋል።

ክርንን መደገፍ ደግሞ መቀዳቱ ብዙም ጉዳት የማያመጣ ምልክት ነው። ለእኩያ ጓደኛ ሲሠራ ከልክ ያለፈ አክብሮት ሆኖ ያስቃል እንጂ አያስቀይምም። ከዚህ የሚወጣው ደንብ ግልጽ ነው፤ የአክብሮት ምልክትን ለእኩያ ማብዛት ሣቅ ያመጣል፣ የመቀራረብ ምልክትን ለታላቅ መሥራት ግን ቅያሜ ያመጣል። ትከሻ ለትከሻ እየተጋጩ ሰላም መባባል በሁለተኛው ወገን ይመደባል። ወጣት ወንድ ጓደኛሞች ሲያደርጉት ያየ ተጓዥ አንድን ሽማግሌ በዚያው መንገድ ሰላም ሊል ቢሞክር የሚጠብቀው አጸፋ አይመጣም። ለሽማግሌ የሚገባው ጎንበስ ብሎ በሁለት እጅ መጨበጥ ነው። «እጅ መንሣት» የሚለው የአማርኛ አባባል በአክብሮት ዝቅ ብሎ ሰላምታ ማቅረብን የሚያመለክተውም ለዚህ ነው።

## በትንፋሽ «አዎ» ማለትና ከንፈር መምጠጥ

በአካባቢው «አዎ» ወይም በአፋን ኦሮሞ «ኤዬ» ሳይባል አየርን አጭር አድርጎ በአፍ ወደ ውስጥ በመሳብ ብቻ አዎንታን መግለጽ ይቻላል። ብዙ ጊዜ ቅንድብ በፍጥነት ከፍ ማለቱ አብሮት ይመጣል። ለማያውቀው ሰው ድምፁ የድንጋጤ ነው፤ ቅንድቡም የመገረም። ስለዚህ ጥያቄ ጠይቆ ይህን መልስ ያገኘ ተጓዥ «ምን አጠፋሁ?» ብሎ ያፈገፍጋል። ተመሳሳይ የትንፋሽ አዎንታ በሰሜን ስዊድንም ስላለ ከዚያ የመጣ ሰው ቶሎ ሊገባው ይችላል።

ሌላው ችግር ትንፋሹ ሁልጊዜ ስምምነት አለመሆኑ ነው። በንግግር መካከል በየጊዜው ሲሰማ «እየሰማሁህ ነው፣ ቀጥል» ማለት ነው። በገበያ ዋጋ የሚከራከር ተጓዥ ሻጩ ደጋግሞ ትንፋሹን ሲስብ የጠራሁትን ዋጋ ተቀበለ ብሎ ገንዘብ ሊያወጣ ይችላል፤ ሻጩ ግን ገና ቃሉን አልሰጠም። ስምምነት የሚታወቀው በ«እሺ» ወይም ዋጋውን ራሱ ሻጩ ሲደግመው ነው። ለታላቅ ሰው ጥሪ ደግሞ ትንፋሽ አይበቃም፤ በአማርኛ «አቤት» ይባላል።

ከዚህ የሚለየው ድምፅ ከንፈር መምጠጥ ነው። በኢትዮጵያ ሰው የደረሰበትን ሐዘን ወይም ችግር ሲናገር አድማጩ ከንፈሩን ይመጣል፤ ትርጉሙ ማዘን፣ ማዘንና መቆርቆር ነው። በካሪቢያን ደሴቶችና በብዙ የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ግን አየርን በጥርስና በከንፈር መካከል ስቦ ድምፅ ማሰማት ንቀትን፣ ንዴትን ወይም መሰልቸትን የሚገልጽ የታወቀ ስድብ ነው። ይህ ልማድ ከስደተኞች ጋር ወደ አውሮፓም ሄዷል፤ በፈረንሳይ «ቺፕ» ይባላል፣ በአንዳንድ ትምህርት ቤቶችም ተማሪዎች እንዳያሰሙት ተከልክሏል።

ስለዚህ አንድ የጃማይካ ወይም የናይጄሪያ ሰው የደረሰበትን ችግር ሲያወራ ኢትዮጵያዊው አድማጭ ከንፈሩን ቢመጥለት የሚያሰማው ድምፅ የተፈለገውን ተቃራኒ ይናገራል። ተጓዡም ድምፁን በገበያ ላይ ሰምቶ በቁጣ መግለጫነት ቢቀዳው ሻጩ የሚረዳው እንደ ሐዘኔታ ነው። ሁለቱን ለመለየት ሁለት ነገሮች ይረዳሉ። የኢትዮጵያው አጭርና የሚደጋገም ነው፤ ራስን መነቅነቅና ዓይንን ዝቅ ማድረግም አብረውት ይመጣሉ። የካሪቢያኑና የምዕራብ አፍሪካው ግን ረዥምና አንድ ወጥ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከጎን እይታ ወይም ፊትን ከማዞር ጋር ይሆናል።

## የተጠላለፉ እጆች

ሁለት እጅን ከራስ በላይ አንሥቶ አንጓቸው ላይ ማጠላለፍ ከምዕራብ ሸዋ ወደ ዓለም የወጣ በጣም የታወቀ ምልክት ነው። በኦሮሚያ በተነሣው ተቃውሞ ተሳታፊዎች ይጠቀሙበት ነበር፤ እጅ የታሰረበትን ሁኔታ የሚያሳይና መሣሪያ አለመያዝን የሚገልጽ እንደሆነም ይነገርለታል። ተቃውሞው በኅዳር 2008 ዓ.ም. በዚሁ ዞን በምትገኘው በጊንጪ ከተማ ጀምሮ ወደ አምቦና ወደ ሌሎች የክልሉ ከተሞች ተዛመተ።

ምልክቱን የዓለም ሕዝብ ያየው ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 21 ቀን 2016) በሪዮ ዴ ጃኔሮ ኦሊምፒክ ነው። በምዕራብ ሸዋ በጀልዱ የተወለደው ሯጭ ፈይሳ ሌሊሳ የወንዶችን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ ሁለተኛ ሆኖ ሲጨርስ እጆቹን አጠላልፎ የመጨረሻውን መስመር አለፈ። ብዙ ተመልካቾች ምልክቱን አላወቁትም። በጃፓን ለምሳሌ ሁለት ክንድን ማጠላለፍ «አይሆንም» ወይም «ተሳስቷል» ማለት ነው። ፈይሳ ትርጉሙን ለጋዜጠኞች በቃል ማስረዳት ነበረበት። የኦሊምፒክ ቻርተር አንቀጽ 50 በውድድር ቦታ ፖለቲካዊ ሰልፍን ይከለክላል፤ ሜዳሊያው ግን አልተነጠቀም። በሚቀጥለው ወር በሪዮ ፓራሊምፒክ በ1,500 ሜትር የብር ሜዳሊያ ያገኘው ታምሩ ደምሴም ምልክቱን ደገመው።

በአገር ውስጥ ሁኔታው ሌላ መልክ ያዘ። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ የኢሬቻ በዓል ላይ ሕዝቡ እጆቹን አጠላልፎ ተቃውሞ አሰማ፤ ከዚያ በተፈጠረው ግርግር ብዙ ሰዎች ሞቱ። ከቀናት በኋላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በጥቅምት 2009 ዓ.ም. የወጣው የአፈጻጸም መመሪያ ከከለከላቸው ነገሮች መካከል እጅን ከራስ በላይ ማጠላለፍን የመሰሉ ፖለቲካዊ ምልክቶች ይገኙበታል። በዚያው መመሪያ ዲፕሎማቶች ያለ ፈቃድ ከአዲስ አበባ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይወጡ ተደርጓል፤ ይህም ማለት ወደ አምቦ መሄድ አይችሉም ነበር። አዋጁ የተነሣው በሐምሌ 2009 ዓ.ም. መጨረሻ ነው።

ይህ ጉዳይ ምልክትን የመቅዳት አደጋ እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ ያሳያል። በዚያ ጊዜ አንድ ተጓዥ በቴሌቪዥን ያየውን የሯጩን ምልክት ለፎቶግራፍ ቢሠራ ለእሱ የስፖርት ትዝታ ነው። በአጠገቡ ቆሞ አብሮት ለሚነሣው የአካባቢው ወጣት ግን የሚያሳስር ድርጊት ሊሆን ይችላል። ተጓዡ በሳምንቱ አገሩ ይመለሳል፤ ፎቶግራፉና ወጣቱ ግን እዚያው ይቀራሉ። ምልክቱን የሠራና መዘዙን የሚቀበል ሰው የተለያዩበት ጉዳይ ነው።

ተመሳሳይ ቅርጽም ግራ ያጋባል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2018 በወጣው «ብላክ ፓንተር» ፊልም ገጸ ባሕርያቱ ክንዳቸውን በደረታቸው ላይ አጠላልፈው ሰላምታ ይሰጣሉ፤ ምልክቱም በስፖርት ሜዳዎች በብዙ አገር ተቀድቷል። በዚያው ወር በኢትዮጵያ ሁለተኛ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ነበር። ሁለቱን የሚለያቸው ቦታቸው ነው፤ የፊልሙ በደረት ላይ ሲሆን የተቃውሞው ከራስ በላይ ነው። ከሩቅ ወይም በፍጥነት ለሚያይ ሰው ግን ልዩነቱ ላይታይ ይችላል።

ፈይሳ ሌሊሳ ከሪዮ በኋላ በአሜሪካ ቆይቶ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ፤ በአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያም በይፋ አቀባበል ተደረገለት። በሁለት ዓመት ውስጥ አንዱ ምልክት በአንድ አገር የተከለከለም የተከበረም ሆኗል። ስለዚህ የምልክት ትርጉም በቦታ ብቻ ሳይሆን በጊዜም ይለወጣል፤ ከሁለት ዓመት በፊት የተጻፈ የመንገደኛ መመሪያ ትክክል የነበረውን ነገር ስሕተት አድርጎ ሊያቀርብ ይችላል።

## ምልክት ከመቅዳት በፊት የሚታዩ ነገሮች

አንድ ምልክት ሊቀዳ መቻሉን ለማወቅ ከቅርጹ በፊት ሦስት ነገሮች ይታያሉ። የመጀመሪያው አቅጣጫው ነው፤ ታናሽ ለታላቅ የሚሠራው ነው ወይስ ታላቅ ለታናሽ? በምዕራብ ሸዋ ወደ ታች ብቻ የሚሄዱ ምልክቶች፣ ለምሳሌ በእጅ መጥራት፣ ወደ ላይ ሲሠሩ ያስቀይማሉ። ሁለተኛው ቦታው ነው፤ በቡና ቤት ያለፈው በሰው ቤት አያልፍም፤ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወይም በሽማግሌ ፊት እግርን አነባብሮ መቀመጥም በካፌ እንደ መቀመጥ አይታይም። ሦስተኛው ምልክቱ ለሌላ ሰው መዘዝ ያለው መሆኑ ነው።

ስሕተት መፈጠሩ ብዙውን ጊዜ በቃል አይነገርም። የአካባቢው ሰው እንግዳን በግልጽ መገሠጽ ስለሚያፍር ዝም ይላል፣ ዓይኑን ያነሣል ወይም በአጭሩ ይስቃል። ተጓዡ ይህን ሣቅ እንደ አድናቆት ወስዶ ምልክቱን ሊደግመው ይችላል። ሣቁ ካልተጋባ፣ ማለትም ሌሎቹ አብረው ካልሳቁ ወይም የሳቀው ሰው ወዲያው ወሬ ከቀየረ፣ ምልክቱ አልተወደደም ማለት ነው።